የሦስት ሳምንት የቡድን ፕሮጀክት፦ ርክክብ፣ ክትትልና ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚገባው ነጥብ

የቡድን ሥራ ውጤት በተነገረ ቁጥር ሁለት ቅሬታዎች አይቀሩም። አንዷ «እኔ ለፍቼ፣ እሱ እኩል አገኘ» ትላለች። ሌላው «እኔም ሠርቻለሁ፣ ያየኝ ግን የለም» ይላል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። መምህሩ በእጁ ያለው አንድ የቡድን ሪፖርት ብቻ ከሆነ ግን ለሁለቱም የሚሰጠው መልስ የለውም። ሪፖርት የማን እጅ እንደነካው አይናገርምና። ስለዚህ ፍትሐዊ ነጥብ የሚዘጋጀው በሦስተኛው ሳምንት ማብቂያ ላይ ሳይሆን፣ ፕሮጀክቱ ገና ሲታቀድ ነው። ከዚህ በታች ያለው ዕቅድ የተሠራው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ርክክብና ክትትል የተቀመጠው ሥራውን ለማስኬድ ብቻ ሳይሆን፣ ማን ምን እንደሠራ በጊዜው ለማየትም ነው።

ምሳሌው የ8ኛ ክፍል የሳይንስና የሒሳብ ፕሮጀክት ነው። ክፍሉ 48 ተማሪዎች አሉት፤ አራት አራት ሆነው 12 ቡድን ይሆናሉ። በሳምንት አራት፣ በጠቅላላው 12 ክፍለ ጊዜ አለ፤ አንዱ 40 ደቂቃ ነው። ጥያቄው ይህ ነው፦ በግቢያችን ከሚያንጠባጥቡት ቧንቧዎች በሳምንት ስንት ሊትር ውሃ ይፈሳል? የትኛውስ ቀድሞ ቢጠገን ይሻላል?

ከመጀመርዎ በፊት፦ ሥራውን በሰው ይከፋፍሉ

ብዙ ጊዜ በቡድን ውስጥ «ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ አቅራቢ» የሚል ድልድል ይደረጋል። እኔ ይህን ድልድል አልወደውም። ጸሐፊ የተባለችው ተማሪ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትጽፍ ከርማ አንድም ቀን ሳትለካ ትወጣለች፤ ሰብሳቢው ደግሞ መሰብሰብ የቻለ መሆኑን እንጂ አማካይ ማስላት መቻሉን አናውቅም። መመዘን የፈለግነው ሁሉም እንዲማሩት ያሰብነውን ነገር ከሆነ፣ ሁሉም እሱን መሥራት አለባቸው።

የተሻለው መንገድ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ዓይነት ሥራ፣ ግን የተለየ ድርሻ መስጠት ነው። አንድ ቡድን ሁለት ቧንቧ ይይዛል፤ እያንዳንዱ ቧንቧ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ይለካል። ይህ አራት ድርሻ ይሆናል፤ ለአንድ ሰው አንድ። የአንዱ ቁጥር ከጎደለ የቡድኑ ስሌት አይሞላም፤ ሆኖም የጎደለው የማን እንደሆነ ወዲያው ይታያል።

በግቢው ውስጥ 24 የሚያንጠባጥቡ ቧንቧዎች ላይኖሩ ይችላሉ፤ ባይኖሩም ደግ ነው። ስምንት ከተገኙ ለሦስት ሦስት ቡድን ሁለት ሁለት ቧንቧ ይድረሳቸው። ይህ መጋራት በኋላ እንደምናየው ለቁጥጥርም ይጠቅማል። ስምንትም ካልተገኙ ጥቂት ቧንቧዎችን በትንሹ ከፍቶ እንዲያንጠባጥቡ ማድረግና ውሃውን በባልዲ አጠራቅሞ ለጽዳት ማዋል ይቻላል።

ከዚያ የነጥቡን ክፍፍል ይጻፉና በመጀመሪያው ቀን ለተማሪዎቹ ይስጡ። ከ100 ውስጥ 60ው የግል፣ 40ው የቡድን ይሁን። የግሉ በሦስት ይከፈላል፦ የልኬት ደብተር 20፣ በክትትል ጊዜ የሚሰጥ የቃል መልስ 20 (በሁለት ዙር አሥር አሥር)፣ በመጨረሻ ለብቻ የሚጻፍ ሥራ 20። የቡድኑ ደግሞ ሪፖርት 25፣ በፖስተር የሚደረግ ማብራሪያ 15። የቡድኑን ድርሻ ከግማሽ በላይ ማድረግ አይመከርም፤ ጎበዝ ቡድን ውስጥ የወደቀ ሁሉ ያልፋል፣ ደካማ ቡድን ውስጥ የወደቀ ጎበዝ ይጎዳል። ከ40 በጣም ዝቅ ካደረጉት ደግሞ ተማሪዎቹ አብሮ መሥራቱን ይተዉና እያንዳንዱ ወደ ደብተሩ ብቻ ይዞራል።

አንደኛ ሳምንት፦ ልኬቱን ማስተካከል፣ ዕቅዱን ማስረከብ

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹ ቧንቧዎቹን ዞረው ይዩ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ለብቻው «በሳምንት ይህን ያህል ሊትር ይመስለኛል» ብሎ ግምቱን በራሱ ደብተር ይጻፍ። ግምቱ ነጥብ የለውም። ጥቅሙ የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ በእያንዳንዱ ተማሪ እጅ መጻፉ ነው።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ለልምምድ ነው፤ አይዝለሉት። አብዛኞቹ ተማሪዎች ጠብታ ቆጥረው ማባዛት ይፈልጋሉ። በብዙ መጻሕፍት ላይ 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ያህል ነው ይባላልና። ነገር ግን የጠብታው መጠን ከቧንቧው አፍ ስፋትና ቅርጽ ጋር ይለያያል፤ የአንዱ ቧንቧ ጠብታ ከሌላው ጎላ ያለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መቁጠሩ ለመነሻ ይሁን፤ ዋናው ልኬት ግን ውሃውን ለ10 ደቂቃ በዕቃ አጠራቅሞ በመለኪያ ሲሊንደር ማንበብ ነው። ሲያነቡ ዓይን ከውሃው ወለል ጋር እኩል ይሁን፤ ከላይ ቆሞ የሚያይ ተማሪ የተሳሳተ ቁጥር ይጽፋል። ያው ልኬት ሦስት ጊዜ ይደገም።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ዕቅድ ይጻፋል፤ በአራተኛው የመጀመሪያው ርክክብ ይሆናል። የሚረከቡት አንድ ገጽ ነው፦ የትኞቹ ቧንቧዎች፣ ማን የትኛውን፣ በየትኛው ሰዓት፣ በምን ዕቃ። ለዚህ ገጽ ነጥብ አይስጡ። ወይ «ጸድቋል» ብለው ይፈርሙበት፣ ወይ ይመልሱት። ነጥብ ከተሰጠው ቡድኖቹ አሳምረው ሊጽፉት ይደክማሉ፤ የሚፈለገው ግን ማሳመር ሳይሆን የሚሠራ ዕቅድ ነው። የሚመለስ ዕቅድ በአንድ ነገር ይታወቃል፦ «ሁላችንም አብረን እንለካለን» የሚል ዐረፍተ ነገር ካለበት ስም በስም ድልድል የለም ማለት ነው።

ሁለተኛ ሳምንት፦ ክትትሉ የሚከብድበት

ሥራው የሚበላሸው በዚህ ሳምንት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ጉጉት በርዷል፤ የማስረከቢያው ቀን ገና ሩቅ ይመስላል። ስለዚህ መምህሩ ወደ ቡድኖቹ የሚጠጋው እዚህ ላይ ነው።

በአምስተኛው ክፍለ ጊዜ ልኬቱ ይጀመራል፤ ከዚያም በዕረፍት ሰዓት በተመደበው ሰዓት ይቀጥላል። የመጀመሪያው የክትትል ዙር በስድስተኛውና በሰባተኛው ክፍለ ጊዜ ይደረጋል፤ በየዕለቱ ስድስት ቡድን፣ ለአንድ ቡድን አምስት ደቂቃ። ይህ 30 ደቂቃ ይወስዳል። 12ቱን ቡድን በአንድ ቀን ለማዳረስ መሞከር ከንቱ ነው፤ 60 ደቂቃ ከ40 ውስጥ አይወጣም፤ ሲጣደፉም የሚጠይቁት «እንዴት ነው፣ ደህና ናችሁ?» ብቻ ይሆናል። ተራቸው ያልደረሰው ቡድኖች ስሌታቸውን ይሥሩ።

በአምስቱ ደቂቃ ውስጥ ለቡድኑ በጅምላ አይጠይቁ። ደብተሮቹ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተው ለእያንዳንዱ ተማሪ ከራሱ ገጽ አንድ ጥያቄ ይቅረብለት፤ ሌሎቹ አይመልሱለትም። አንድ ጥያቄ በቅርብ እንይ። አንዲት ተማሪ በ10 ደቂቃ 25 ሚሊ ሊትር አግኝታለች። በደቂቃ 2.5 ነው፤ በሰዓት 150 ሚሊ ሊትር፤ በቀን 3.6 ሊትር፤ በሳምንት 25.2 ሊትር። ጥያቄው «በ24 ለምን አባዛሽ? ትምህርት ቤቱ ክፍት የሚሆነው በቀን ስምንት ሰዓት አይደለም?» የሚል ይሁን። የሠራችው ተማሪ «ቧንቧው በሌሊትም ያንጠባጥባል፤ ቅዳሜና እሑድም» ትላለች። ከጓደኛዋ የቀዳችው ግን ዝም ትላለች፤ ወይም ፈጥና በስምንት ሰዓትና በአምስት ቀን አባዝታ መልሱን ወደ 6 ሊትር ታወርደዋለች። ከአንዱ መልስ እስከ ሌላው ያለው ርቀት ከአራት እጥፍ በላይ ነው፤ አንድ ጥያቄ ይህን ያህል ይለያል።

ጠንከር ላሉት ሌላ ጥያቄ አለ፦ «የጠዋቱና የከሰዓቱ ቁጥር ለምን ተለያየ?» መልሱ ብዙውን ጊዜ የውሃው ግፊት ነው። ብዙ ሰው ሲጠቀም ግፊቱ ይቀንሳል፤ ሌሊት ተጠቃሚ ሲያንስ ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ቧንቧው ይበልጥ ሊያፈስ ይችላል። ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው ቀን የለካነው የሌሊቱን አሳንሶት ሊሆን ይችላል» ብሎ የሚናገር ተማሪ ሙሉ አሥሩን ያግኝ። ስሌቱን ያስረዳ ግን ገደቡን ያላየ ሰባት ወይም ስምንት፤ ቁጥሩን ብቻ የሚያነብ አራት ወይም አምስት። ነጥቡን እዚያው ቆመው ይጻፉት፤ ማታ ቤት ገብተው ከጻፉት የሚያስታውሱት መልሱን ሳይሆን ፊቱን ነው።

ደብተሩን ሲያዩ የሚያስጠረጥሩ ምልክቶች አሉ። ሦስቱ ድግግሞሽ 25፣ 25፣ 25 ከሆኑ ይጠንቀቁ፤ እውነተኛ ልኬት 24፣ 26፣ 25 እያለ ይወዛወዛል። የአራት ቀን ቁጥር በአንድ እስክሪብቶ በአንድ ትንፋሽ የተጻፈ ከመሰለ ይጠይቁ። ሆኖም በጥርጣሬ ነጥብ አይቀንሱ። ተማሪውን ወደ ቧንቧው ይውሰዱና «አንዴ ለካልኝ» ይበሉት፤ የለካ ሰው ዕቃውን የት እንደሚያስቀምጥ እጁ ያውቀዋል።

ስምንተኛው ክፍለ ጊዜ ሁለተኛው ርክክብ ነው፦ የአራቱ ልኬቶች ሰንጠረዥና የመጀመሪያው ስሌት። ቧንቧ የሚጋሩት ሦስት ቡድኖች እዚህ ላይ ተገናኝተው ቁጥሮቻቸውን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። አንዱ ቡድን 25፣ ሁለተኛው 27፣ ሦስተኛው 80 ካገኘ ጠብ ይነሳል፤ ይነሳ። 80 ያገኘው ቡድን አንድም በሠላሳ ደቂቃ የተጠራቀመውን በአሥር አድርጎ ጽፏል፣ አንድም ቧንቧውን ሳያጠብቅ ለክቷል። ስህተቱን መምህሩ ሳይሆን ጓደኞቻቸው ያገኙታል፤ እርማቱም ነጥብ አያስቀንስም። ይህ ርክክብ ያልተሟላለት ቡድን ወደ ሪፖርት አይሄድም፤ የጎደለውን ድርሻ ያልለካው ራሱ ተማሪው ለክቶ በሁለት ቀን ውስጥ ያምጣ፤ ሌሎቹ እንዲለኩለት አይፈቀድም።

ሦስተኛ ሳምንት፦ ሪፖርት፣ የብቻ ሥራና ፖስተር

ዘጠነኛውና አሥረኛው ክፍለ ጊዜ በክፍል ውስጥ ሪፖርት የሚጻፍባቸው ናቸው፤ ቤት ተወስዶ አይጻፍ። ቤት የተጻፈ ሪፖርት ታላቅ ወንድም ወይም እናት ያሳመሩት ሊሆን ይችላል፤ ታላቅ ወንድም ለሌለው ተማሪ ፍትሐዊ አይደለም። ሁለተኛው የክትትል ዙር በእነዚሁ ሁለት ቀናት ይካሄዳል። የአሁኑ ጥያቄ ግን ከራስ ገጽ ወጥቶ ወደ ጓደኛ ገጽ ይሻገር፦ «የእሱ ቧንቧ ከአንቺ ይልቅ ቀድሞ ይጠገን ያላችሁት ለምንድን ነው?» የራሱን ብቻ የሚያውቅ ተማሪ እዚህ ላይ ይያዛል። ሪፖርቱ በአሥረኛው ክፍለ ጊዜ ማብቂያ ይረከባል፤ ሦስተኛው ርክክብ ይህ ነው።

አሥራ አንደኛው ክፍለ ጊዜ የብቻ ነው። ለ25 ደቂቃ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ደብተር ብቻ ይዞ ያላየው አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል፦ «አንድ ቧንቧ በ6 ደቂቃ 18 ሚሊ ሊትር ሰጠ። በሳምንት ስንት ሊትር ይሆናል? በመልስህ ላይ የምትጠራጠርበትን አንድ ነገርና እንዴት እንደምታጣራው ጻፍ።» ስሌቱ በደቂቃ 3፣ በሰዓት 180 ሚሊ ሊትር፣ በቀን 4.32፣ በሳምንት 30.24 ሊትር ነው። ለስሌቱ 10፣ ለጥርጣሬውና ለማጣሪያው 10 ይስጡ። አንድ ጊዜ ብቻ መለካቱን ወይም የሌሊቱን ግፊት ያነሳ ተማሪ ፕሮጀክቱ ውስጥ እንደነበረ ምስክር አያሻውም።

በቀሪው ጊዜ የእርስ በርስ ምዘና ቅጽ ይሞላል። እያንዳንዱ ተማሪ 30 ነጥብ ለሦስቱ ጓደኞቹ ያከፋፍላል፤ ለራሱ አይሰጥም። እኩል ሠርተዋል ብሎ የሚያምን አሥር አሥር ይጽፋል። ከአሥር ለሚለይ ነጥብ ሁሉ አንድ ዐረፍተ ነገር ምክንያት ይጠየቃል፤ «አልሠራም» የሚለው ምክንያት አይደለም፣ «ማክሰኞ የተመደበለትን አልለካም» የሚለው ግን ነው። ቅጹ ከፖስተሩ ቀን በፊት መሞላቱ ሆን ተብሎ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ ደህና አድርጎ የተናገረው ልጅ የለካውን ልጅ ምስጋና ይወስድበታል።

በአሥራ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ፖስተሮቹ ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ። ስድስት ቡድን ቆሞ ያስረዳል፣ ስድስቱ ዞሮ ያያል፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለዋወጣሉ። የሚያስረዳውን ሰው ቡድኑ አይመርጥ፤ እርስዎ ፖስተሩ ጋር ሲደርሱ በዕጣ ያውጡ።

የነጥቡ ስሌት፦ አንድ ቡድን እስከ መጨረሻው

ቡድኑ ሀ፣ ለ፣ ሐ እና መ የተባሉ ተማሪዎች አሉት እንበል፤ የቡድን ነጥባቸው ከ40 ሠላሳ ነው። በእርስ በርስ ምዘናው ሀ 34፣ ለ 32፣ ሐ 33፣ መ ደግሞ 21 አገኙ። ሁሉም እኩል ቢሆኑ ለእያንዳንዱ 30 ይደርስ ነበር፤ ስለዚህ የያንዳንዱን ድምር ለ30 እናካፍላለን። ማባዣው ለሀ 1.13፣ ለለ 1.07፣ ለሐ 1.10፣ ለመ 0.70 ይሆናል። ይህ ማባዣ የሚነካው የቡድኑን 30 ብቻ ነው፤ የግሉን 60 አይደርስበትም። በተጨማሪ ከ1.10 በላይና ከ0.80 በታች እንዳይሄድ ገደብ ይደረግለት። ገደብ ከሌለው ሦስት የተኳረፉ ልጆች አራተኛውን ሊያስወድቁት ይችላሉ።

አሁን ግን ቆም ይበሉ። ማባዣው ከ0.90 በታች በወረደ ቁጥር ቁጥሩን ከማጽደቅዎ በፊት ማስረጃውን ያውጡ። የመ ደብተር የተሟላ ነው፤ የጠዋት ልኬቶቹ አልጎደሉም፤ በሁለቱ ክትትል 9 እና 8 አግኝቷል። ጓደኞቹ የጻፉት ምክንያት «ሪፖርቱ ሲጻፍ አልነበረም» የሚል ነው። የመገኘት መዝገቡ ሲታይ በዘጠነኛው ክፍለ ጊዜ ቀርቷል፣ በአሥረኛው ነበረ። እንግዲህ ቅሬታቸው ግማሽ እውነት አለው።

አስቀድሞ ተጽፎ የተሰጠው ደንብ ይህን ይላል፦ ማስረጃው ከጓደኞች ፍርድ ጋር ከተስማማ ማባዣው እንዳለ ይሠራል፤ ፈጽሞ ከተቃረነ ለአራቱም 1 ይሆናል፤ በከፊል ከተስማማ ደግሞ የሁሉም ልዩነት በግማሽ ይቀንሳል። «የሁሉም» የሚለው ይሰመርበት፤ የሦስቱ ከ30 በላይ ማግኘት የመጣው ከመ ጉድለት ነውና፣ የእሱ ሲስተካከል የእነሱም አብሮ ይስተካከላል። በዚህ መሠረት መ 0.85፣ ሀ 1.067፣ ለ 1.033፣ ሐ 1.05 ይሆናሉ። በ30 ሲባዙ ሀ 32፣ ለ 31፣ ሐ 31.5፣ መ 25.5 ያገኛሉ። ድምሩ 120 ነው፣ ከአራት ጊዜ 30 ጋር እኩል፤ ስሌቱን ለመፈተሽ ይህ ይበቃል።

መ በግሉ ከ60 ውስጥ 47 ስላለው በጠቅላላው 72.5 ይወጣለታል። የሀ የግል ነጥብ 50 ከሆነ 82 ታገኛለች። ለሁለቱም የሚሰጠው ወረቀት ላይ ጠቅላላው ብቻ ሳይሆን አምስቱ ክፍሎችና ማባዣው ይጻፉ፤ ማን ስንት እንደሰጠው ግን አይነገር። ቅሬታ ያለው ተማሪ የደብተሩን ገጽ ይዞ ይምጣ፤ ገጽ ሳይጠቅስ የሚመጣ ቅሬታ ለመስማት እንጂ ለማረም አይበቃም።

ሕመም ወይም ሌላ ችግር ገጥሞት ሁለተኛውን ሳምንት ሙሉ የቀረ ተማሪ ካለ በእርስ በርስ ምዘናው አይግባ፤ ጓደኞቹ 30ው ቀርቶ 20 ነጥብ ለሁለት ያከፋፍሉ፣ ድምሩም ለ20 ይካፈል። እሱ ሲመለስ የራሱን ድርሻ ለክቶ ደብተሩንና የብቻ ሥራውን ያቅርብ፤ የቀረበትን የክትትል ዙር አምስት ደቂቃ ለብቻው ይጠየቅ፤ የቡድኑን 40 ግን ለእሱ በግል 60ው ላይ ባሳየው መጠን ያስሉለት። ከ60 ውስጥ 45 ካመጣ ሦስት አራተኛ ነውና ከ40 ላይ 30 ይያዝለታል።